ፌዝ 1 በዜሮ አለቀ፣ መልሱ ግን እኩልታውን ጣሰ

ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ውይይቱ ግን እስከ 15 ምላሽ ዘለቀ። በኋላ የሚመጣ አንባቢ ሁሉንም እንዳያገላብጥ፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር በተራ ጽፌዋለሁ።

መነሻው ጥያቄ

አንድ የሊኒየር ፕሮግራሚንግ ጥያቄ በእጄ እየሠራሁ ነበር። ከፍ እንዲል የሚፈለገው x + 3y + 2z ነው። ሁለት እኩልታዎች አሉት፤ ሦስቱም ተለዋዋጮች ከዜሮ በታች አይወርዱም።

```
 x + y +  z = 4
2x + y + 2z = 8
```

ሁለቱም እኩልታ ስለሆኑ ስላክ የለም። ሲምፕሌክስ ደግሞ ከሆነ ቦታ መነሳት አለበት፤ እዚህ በዓይን የሚታይ መነሻ የለም። ስለዚህ በሁለት ፌዝ ሄድኩ። ለመጀመሪያው እኩልታ a1፣ ለሁለተኛው a2 የሚባል አርቲፊሻል ተለዋዋጭ ጨመርኩ። በፌዝ 1 የሁለቱን ድምር w ብዬ ወደ ታች መግፋት ጀመርኩ። መነሻው 12 ነበር። x ገባ፣ a1 ወጣ፣ w በአንድ እርምጃ ዜሮ ሆነ።

ዋናውን ዓላማ መልሼ ፌዝ 2 ጀመርኩ። y ገባ፣ x ወጣ። y = 4 ሆኖ ዓላማው 12 ደረሰ፤ ከዚያ በላይ የሚያሻሽል ዓምድም አልቀረም። እዚህ ጋ መልሱን ወደ እኩልታዎቹ መልሼ አስገባሁት። የመጀመሪያው 4 ሰጠ፣ ልክ ነው። ሁለተኛው 8 መስጠት ሲገባው 4 ሰጠ። w ዜሮ ከሆነ መነሻዬ ትክክለኛ ነበር። ታዲያ ከትክክለኛ መነሻ ተነስቼ እንዴት የተሳሳተ ቦታ ደረስኩ? የጠየቅኩት ይህንን ነው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጣም ትሁት ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ሁለት ፌዝ ጨርሶ እንደማያስፈልገኝ ነገረኝ። ለየረድፉ ስላክ ብጨምር እነሱ ራሳቸው መነሻ እንደሚሆኑኝ ጻፈ። ጥያቄዬን «ከዚህ አይበልጥም» በሚል አንብቦታል። ቢሆን ኖሮ ልክ ነበር፤ x፣ y እና z ዜሮ ሆነው ስላኮቹ 4 እና 8 ይይዙና ጉዞው ይጀመራል። የእኔ ግን እኩልታ ነው። ዜሮ ላይ ልነሳ ብል ሁለቱም ይጣሳሉ።

ምላሽ 2

ሁለተኛው አጭርና ቆጣ ያለ ነበር። ጥያቄውን ራሱ ሠርቶ 8 እንዳገኘ፣ z = 4 እንደሆነና ሌሎቹ ዜሮ እንደሆኑ አስታወቀ። አርቲፊሻሎቹን እንደ እኔው እንደጨመረ፣ x እንደ እኔው እንዳስገባ፣ ምንም ችግር እንዳላየ ጻፈ። ስለዚህ ስህተቱ የእኔ ስሌት ነው፤ ሠንጠረዤን ደግሜ ልቁጠር። መልሱ ትክክል ነበር። ምክንያቱ ግን ትክክል አልነበረም፤ እሱም በኋላ ራሱ ደርሶበታል።

ምላሽ 3

ይህ የእኔ ነው። ስሌቱን ሁለት ጊዜ ደግሜ ያው ስለሆነብኝ፣ ፌዝ 1 ሲያልቅ የነበረኝን ሠንጠረዥ ለጠፍኩት።

```
      x   y   z   a1  a2 |
x     1   1   1    1   0 | 4
a2    0  -1   0   -2   1 | 0
```

ምላሽ 4

ክሩን የቀየረው ይህ ነው። የጻፉት ትምህርቱን ለረጅም ጊዜ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ሌሎቹም ስማቸውን ሲያዩ አንቱ እያሉ ነው የሚመልሱላቸው። ስሌቴ ላይ እንከን እንደሌለ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ረድፍ ጠቆሙኝ። a2 ዋጋው ዜሮ ነው፤ ግን ከቤዚስ አልወጣም። እኔ w ዜሮ መሆኑን ብቻ አይቼ አልፌዋለሁ።

ቀጥሎ የሆነውን በዝርዝር አሳዩኝ። በፌዝ 2 y ሲገባ የሬሾ ፈተና አደረግኩ። የመጀመሪያው ረድፍ 4 ለ 1 ነው፣ ሬሾው 4። ሁለተኛው ረድፍ ላይ በy ሥር ያለው -1 ነው። የሬሾ ፈተና ኔጌቲቩን ይዘላል፤ ምክንያቱም ኔጌቲቭ ማለት የዚያ ረድፍ ተለዋዋጭ አይወርድም፣ እንዲያውም ያድጋል ማለት ነው። ለተራ ተለዋዋጭ ማደግ ችግር የለውም። a2 ግን ማደግ የለበትም። a2 ማለት ሁለተኛው እኩልታ የጎደለው መጠን ነው። y ከዜሮ ወደ 4 ሲወጣ a2ም አብሮት ከዜሮ ወደ 4 ወጣ። ያ 4 ደግሞ በእኩልታው ላይ ያየሁት ጉድለት ራሱ ነው፤ 8 ሲቀነስ 4።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የመጨረሻውን ሠንጠረዤን አየሁት። a2 = 4 ተብሎ እዚያው ተጽፏል። ከፊቴ ነበር። መልስ ሳነብ የማነበው x፣ y እና zን ብቻ ስለነበር የአርቲፊሻሉን ረድፍ ዘልዬዋለሁ።

መፍትሔውን ሲነግሩኝ ደግሞ አንድ የማላውቀው ነገር ጨመሩ። ፌዝ 2 ከመጀመሩ በፊት፣ ዜሮ ይዞ የቀረው አርቲፊሻል ባለበት ረድፍ ላይ ወደ ጎን መሄድ ነው። ከዋናዎቹ ተለዋዋጮች በአንዱ ሥር ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ከተገኘ እዚያ ላይ ፒቮት ይደረጋል። ቁጥሩ ኔጌቲቭም ቢሆን ግድ የለም። ፒቮት ፖዚቲቭ ይሁን የምንለው የቀኝ እጁ ዋጋ ከዜሮ በታች እንዳይሄድ ነው። እዚህ የቀኝ እጁ ዜሮ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ቦታው ያው ነው፣ የቤዚሱ አባል ብቻ ይቀየራል። በእኔ ሠንጠረዥ -1 ላይ ፒቮት ሲደረግ y በዜሮ ይገባል፣ a2 ይወጣል። የመጀመሪያው ረድፍ x + z = 4 ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በፌዝ 2 z ይገባል፣ x ይወጣል፣ z = 4፣ ዓላማው 8።

ሠርቼ አየሁት። ሁለቱም እኩልታዎች ልክ መጡ።

ምላሽ 5

የምላሽ 2 ጸሐፊ ተመለሰ፤ አሁን ለዘብ ብሏል። ለምን እሱ ጋ ችግሩ እንዳልታየ ፈልጎ አግኝቶታል። በፌዝ 1 x ሲገባ ሁለቱም ረድፎች እኩል ሬሾ ነበራቸው፤ 4 ለ 1 እና 8 ለ 2፣ ሁለቱም 4። እኔ a1ን አስወጣሁ፣ እሱ a2ን። የእሱ ሠንጠረዥ ላይም አንድ አርቲፊሻል በዜሮ ቀርቶ ነበር፣ a1። ግን በዚያ ረድፍ ላይ በy ሥር ያለው ቁጥር ግማሽ ነው፣ ፖዚቲቭ። ፌዝ 2 ላይ y ሲገባ የዚያ ረድፍ ሬሾ ዜሮ ሆነና a1 በራሱ ጊዜ ወጣለት። እሱም እንደ እኔ ረድፉን አላየውም፤ ዕድሉ ነው ያወጣው።

ይህ ምላሽ ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። ያው ጥያቄ፣ ያው ዘዴ፣ ሁለቱም ያለ ስሌት ስህተት፤ በእኩል ሬሾ ላይ ማን ይውጣ የሚለው ምርጫ ብቻ አንዱን 8፣ ሌላውን 12 አደረሰው። አሥር ጥያቄ ሠርቶ አሥሩም ልክ የመጣለት ሰው ይህን ስህተት እየሠራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ምላሽ 6 እና 7

እዚህ ላይ አንድ ሰው ገብቶ ሁለት ፌዝ የሚባለው ነገር ራሱ ጊዜ ማባከን እንደሆነ ጻፈ። ቢግ ኤም ብጠቀም ይህ ሁሉ እንደማይመጣ፣ አስተማሪዎች ለምን ረጅሙን መንገድ እንደሚወዱ እንደማይገባው አከለበት። አነጋገሩ ሰውን የሚያስቀይም ነበር።

መምህርቷ በምላሽ 7 ቁጣውን ትተው ፍሬ ነገሩን ያዙ። በዚህ ጥያቄ ላይ ትክክል እንደሆነ አልካዱም። አርቲፊሻሎቹ በዓላማው ውስጥ M የሚያህል ቅጣት ካላቸው፣ በእኔ ሠንጠረዥ የy ጥቅም 2 ሳይሆን 2 ሲቀነስ M ይሆናል። M ትልቅ ከሆነ y አይገባም፣ a2ም አያድግም። ችግሩ ትልቅ ማለት ስንት ነው የሚለው ላይ ነው። በወረቀት ላይ M ፊደል ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ቁጥር መሆን አለበት። ካነሰ ቅጣቱ አይበቃም። ከበዛ ደግሞ ትንንሾቹን ቁጥሮች ይውጣቸዋል፤ 1000000000 ላይ 0.00000001 ቢደመር ተራው ድርብ ትክክለኛነት ያለው ቁጥር ምንም እንዳልተደመረበት ይቀመጣል። ሁለቱን ፌዝ መለየት የሚጠቅመው M የሚባል ቁጥር መምረጥ ስለማያስፈልግ ነው። ሰውየው አልመለሰም።

ምላሽ 8

ከዚያ አንዲት ሴት የራሷን ጉዳይ ይዛ መጣች። ሥራዋ ከመጋዘን ወደ መደብር ዕቃ ማከፋፈል ማቀድ ነው። 3 መጋዘን፣ 4 መደብር፣ 7 እኩልታ፤ ያለው ዕቃና የሚፈለገው ዕቃ እኩል ነው። በጻፈችው ፕሮግራም ፌዝ 1 ባለቀ ቁጥር አንድ አርቲፊሻል ሁሌም በዜሮ ይቀራል። እስከ ዛሬ ዝም ብላ ስታልፈው ኖራለች፤ መልሱ ከእኩልታዎቹ ጋር ተጋጭቶባትም አያውቅም። አሁን ምላሽ 4ን አንብባ ደንግጣለች። የእስካሁኑ ዕቅድ ሁሉ ስህተት ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 9

መምህርቷ አረጋጓት። የእሷ ረድፍ ከእኔ ረድፍ ይለያል። የመጋዘኖቹ እኩልታዎች ሲደመሩ ጠቅላላው ዕቃ ነው፤ የመደብሮቹም ሲደመሩ ያው ጠቅላላ ዕቃ። ስለዚህ ከ7ቱ አንዱ ከሌሎቹ 6 ይወጣል፤ ምንም አዲስ ነገር አይናገርም። የእንዲህ ያለ እኩልታ ረድፍ ፌዝ 1 ሲያልቅ በዋናዎቹ ተለዋዋጮች ሥር በሙሉ ዜሮ ነው። የትኛውም ተለዋዋጭ ቢገባ ያ አርቲፊሻል አይንቀሳቀስም፤ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። ረድፉን መሰረዝ ይቻላል፣ ቢተውትም አይጎዳም።

ስለዚህ ልዩነቱ አንድ ነው። ረድፉ ባዶ ከሆነ እኩልታው ትርፍ ነው። ረድፉ ላይ አንድም ቁጥር ካለ አርቲፊሻሉ መንቀሳቀስ ይችላል፤ ፌዝ 2 ከመጀመሩ በፊት ይውጣ። ለሴትየዋ አንድ ማስጠንቀቂያ ጨመሩላት፤ አንድ ቀን በዕቅዱ ላይ ሌላ እኩልታ ብትጨምር፣ ዝም ብሎ የማለፍ ልማዷ የእኔን ዓይነት ስህተት ሊያመጣባት ይችላል። ረድፉ ባዶ መሆኑን ፕሮግራሙ ራሱ ያረጋግጥ።

ምላሽ 10 እና 11

አንድ ሌላ ሰው ተሰላችቷል። በዚህ ዘመን ሠንጠረዥ በእጅ የሚሠራ ማን አለ በሚል መንፈስ፣ ይህን ለጥፎ ሄደ፦

```
from scipy.optimize import linprog
r = linprog([-1, -3, -2],
            A_eq=[[1, 1, 1], [2, 1, 2]],
            b_eq=[4, 8])
print(r.x, r.fun)
```

አስኬድኩት። z = 4 እና -8 ሰጠኝ። ኔጌቲቭ የሆነው linprog የሚያሳንስ ስለሆነ ዓላማውን ገልብጠን ስለሰጠነው ነው። በምላሽ 11 አመስግኜው፣ መልሱ 8 መሆኑን ከምላሽ 2 ጀምሮ እንደምናውቅ ጻፍኩ። ጥያቄዬ 12 ከየት መጣ የሚል ነበር። ያንን linprog አይነግረኝም።

ምላሽ 12

የፕሮግራም ጸሐፊ ነው፤ ሁለት ፌዙን ከባዶ ጽፎታል። እሱን ያሰቃየው የተገላቢጦሽ ነገር ነው። ኮዱ ፌዝ 1 ሲያልቅ w ከ0 ጋር እኩል መሆኑን ይጠይቅ ነበር። መልስ እንዳለው የሚያውቀውን ጥያቄ መልስ የለውም እያለ ይመልስበታል። ምክንያቱን ፓይተን ላይ 0.1 + 0.2 - 0.3 ብሎ አሳየን፤ የሚወጣው 0 ሳይሆን `5.551115123125783e-17` ነው። w እንዲህ ዓይነት ፍርፋሪ ይይዝና ዜሮ አልሆነም ይባላል። ስለዚህ ከ0.000001 ካነሰ ዜሮ ነው ብሎ አለፈ።

እዚያ ላይ ሌላ ጉድጓድ ጠበቀው። አንድ ተጠቃሚ x + y = 4 እና x + y = 5 የሚሉ፣ አብረው ሊሆኑ የማይችሉ ሁለት እኩልታዎች ሰጠው። ሁለተኛው ግን በሌላ መለኪያ ስለተጻፈ ሁለቱም ጎኑ በ0.0000001 ተባዝቶ ነበር። ፌዝ 1 x + y = 4 ላይ ቆመ፤ የሁለተኛው ጉድለት 0.0000001 ብቻ ነው። ኮዱ ዜሮ ነው ብሎ አለፈ፤ መልስ የሌለው ጥያቄ መልስ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ ረድፎቹን መጀመሪያ ወደ ተቀራራቢ መጠን ያመጣቸዋል፤ በመጨረሻም መልሱን ባልተነኩት የመጀመሪያ እኩልታዎች ላይ ይፈትሻል። እኔም በወረቀት ላይ ስህተቴን ያገኘሁት በዚያው ፍተሻ ነው።

ምላሽ 13

አንድ ተማሪ፣ በጣም ስለታም፣ ፒቮት ማድረግ ሁሉ አላስፈላጊ ነው ብሎ መጣ። ሐሳቡ ያምራል። በእኔ ሠንጠረዥ wን በቀሩት ተለዋዋጮች ከጻፍነው w = y + 3·a1 ነው። w ዜሮ የሚሆነው y ዜሮ ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው የሚፈቅደው የትኛውም መልስ ላይ y ዜሮ ነው፤ የyን ዓምድ ሰርዘን እንቀጥል። a2 ቤዚስ ውስጥ ቢቀርም የሚያሳድገው የለም። እውነትም ሁለተኛው እኩልታ ላይ የመጀመሪያውን እጥፍ ብንቀንስ -y = 0 ይቀራል። ይህን ከመጀመሪያው ማየት እችል ነበር።

ግን አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ። አርቲፊሻሉ ባለበት ረድፍ ላይ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ያለው ዓምድ ሁሉ ይሰረዝ አለ፤ ሌሎቻችንንም ቀላሉን ነገር ያወሳሰብን አድርጎ ጻፈ።

ምላሽ 14

መምህርቷ ይህን አላለፉትም፤ በክሩ ውስጥ ቃላቸው ጠንከር ያለው እዚህ ብቻ ነው። ረድፉ y - z + a = 0 ቢሆንስ ብለው ጠየቁት። እንደ እሱ ደንብ y እና z ሁለቱም ይሰረዛሉ። ሁለቱም 3 ሆነው ግን a ዜሮ ይሆናል፤ ጥሩ መልስ ተጣለ ማለት ነው። ዓምድ የሚሰረዘው በw አጻጻፍ ላይ ሁሉም ቁጥሮች ከዜሮ በታች ካልሆኑ በኋላ ነው፤ ያኔም ፖዚቲቩ ብቻ። ያ ደግሞ የሚሆነው ፌዝ 1 እስከ መጨረሻው ሲሄድ ነው። w ዜሮ ደረሰ ተብሎ ከተቆመ ላይሟላ ይችላል። የምላሽ 5 ሠንጠረዥ ምስክር ነው፤ w እዚያም ዜሮ ነው፣ በw ውስጥ ያለው የy ቁጥር ግን ገና ኔጌቲቭ ግማሽ ነው።

ተማሪው ስህተቱን ተቀበለ፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሐሳቡ ግን ትክክል እንደሆነ አስረገጠ። መምህርቷም ይህን አጸደቁለት። ከሁለቱ የቱ ይሻላል የሚለው ላይ አልተስማሙም። እሱ ዓምድ መሰረዝ ሠንጠረዡን ያሳንሳል ይላል፤ እሳቸው ፒቮት አድርጎ አርቲፊሻሉን ማስወጣት ለማረጋገጥ ይቀላል ይላሉ። በእጅ ለሚሠራ ሰው እኔ ከእሳቸው ጋር ነኝ። አንድ ረድፍ ማየት የwን ምልክቶች ሁሉ ከመመርመር ይቀላል።

መሃል ላይ ስለ ስያሜም ትንሽ ክርክር ነበር። አንዱ አርቲፊሻልን ሰው ሠራሽ እንበለው አለ፤ ሌላው ጊዜያዊ ቢባል ሥራውን ይገልጻል አለ። ሁለተኛው ደስ ብሎኛል፤ ጊዜያዊ ብዬው ቢሆን ኖሮ ፌዝ 2 ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳየው ምን ይሠራል ብዬ እጠይቅ ነበር።

ምላሽ 15

እስካሁን የመጨረሻው ነው። የፕሮግራም ጸሐፊው ወደ ምላሽ 9 ተመለሰ። ረድፉ ባዶ ከሆነ ይሰረዝ፣ ቁጥር ካለበት ፒቮት ይደረግ፤ በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። እሱ ጋ ግን አርቲፊሻሉ ባለበት ረድፍ ላይ 0.000000003 የሚል ቁጥር ቀርቷል። ይህ ከማጠጋጋት የተረፈ ፍርፋሪ ከሆነ ረድፉ ባዶ ነው፤ ፒቮት ቢያደርግበት በዚያ ቁጥር ሲያካፍል ሠንጠረዡ በግዙፍ ቁጥሮች ይሞላል። እውነተኛ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ረድፉን መሰረዝ እኩልታ መጣል ነው።

የመከረው ሰው አንድ ነው፤ ያቺ የመጋዘኗ ሴት። አርቲፊሻሉን እዚያው ትቶት፣ ላይኛው ወሰኑን ዜሮ እንዲያደርገው ነገረችው። ያኔ የሚገባው ተለዋዋጭ አርቲፊሻሉን ከዜሮ በላይ ሊያሳድግ ሲል የሬሾ ፈተናው ራሱ ያስቆመዋል። እሱም ሐሳቡ ጥሩ እንደሆነ፣ ነገር ግን ያን ጊዜም በዚያችው ትንሽ ቁጥር ላይ ፒቮት ማድረግ ወይም አለማድረግ መወሰን እንዳለበት መለሰላት። ከዚያ በኋላ የጻፈ የለም።